ከአያት ቀብር በኋላ ለጎረቤትና ለወዳጅ የሚጻፍ አጭር ምስጋና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ ሂርማታ አካባቢ የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ። የአባላት መዝገብ፣ የመዋጮ ደረሰኝና የቀብር ላይ ስም ጥሪ የእኔ ሥራ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ማንም ያልመደበኝ ሥራ ተጨምሮልኛል። ድንኳኑ በተነቀለ ማግስት ከሟቹ የልጅ ልጆች አንዱ ስልኩን ይዞ ይመጣና «ጋሼ፣ ከፎቶግራፉ ሥር የምትሆን አጭር ምስጋና ያስተካክሉልኝ» ይለኛል። የሚጠይቁኝ ነገር ስለሚመሳሰል መልሱን አንድ ላይ ጻፍኩት።

ምስጋናው መቼ ቢለጠፍ ይሻላል?

ብዙዎች ከቀብር እንደተመለሱ፣ ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ መጻፍ ይጀምራሉ። እኔ ሦስት ቀን ጠብቁ እላለሁ። በክርስቲያኑ ቤት ሣልስት እስኪወጣ፣ በሙስሊሙ ቤት የተዕዚያው ሦስት ቀን እስኪያልፍ ድረስ ሰው እየመጣ ነው። ሦስተኛው ቀን ላይ ለቅሶ የሚደርሰው ጎረቤት ምስጋናው ቀድሞት ተለጥፎ ቢያገኘው ዘግይቶ የመጣ ይመስለዋል፤ ያፍራልም።

ዋናው ምክንያት ግን መርዶ ነው። በእኛው ቤት የደረሰውን ልንገራችሁ። የእናቴ እናት ያረፉ ዕለት ማታ አንድ የአጎቴ ልጅ ፎቶግራፋቸውን ከምስጋና ጋር ፌስቡክ ላይ አወጣው። ቃሉ ደህና ነበር፤ ስሕተትም አልነበረበትም። ነገር ግን አረብ አገር የምትሠራው አክስቴ መሞታቸውን አልሰማችም ነበር። እዚያው ያሉ ጓደኞቿ በዕረፍት ቀኗ ማለዳ ተሰባስበው፣ ቡና አፍልተው፣ ቀስ አድርገው ሊያረዷት ተነጋግረው ነበር። እሷ ግን የእናቷን ሞት ያወቀችው በሰው ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ፣ ብቻዋን፣ ስልኳን ስትከፍት ነው። ልጁን ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አላናገረችውም፤ እኔም አልፈረድኩባትም።

ስለዚህ ምንም ነገር ከመለጠፋችሁ በፊት የቤቱን ትልቅ ሰው አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «መርዶ ያልደረሰው ማን አለ?» አንዳንድ ጊዜ በሕመም ወይም በእርግዝና ምክንያት ሆን ተብሎ ለሳምንታት ያልተነገረው ሰው ይኖራል። እንዲህ ያለ ሰው ካለ ምስጋናው ይቆያል። ጎረቤት አይቀየምም፤ እንዲያውም ምክንያቱን ከማንም በፊት የሚያውቀው ጎረቤት ነው።

ምን ያህል ይርዘም? ምን ምንስ ይያዝ?

ከሃያ እስከ ሃምሳ ቃል ይበቃል። ቴሌግራም ከፎቶግራፍ ሥር በተራ አገልግሎት እስከ 1024 ፊደል ይቀበላል፤ ቢቀበልም እንዳለ ይሞላ ማለት አይደለም። ፌስቡክ ደግሞ ረዘም ሲል ቀሪውን ይሸሽገዋል። ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሁለት ሦስት መስመር ነው። እነዚያ መስመሮች በሟቹ ማዕረግና በሕመማቸው ታሪክ ካለቁ፣ ምስጋናው የተሸሸገው ክፍል ውስጥ ይቀራል።

መኖር ያለበት ይህ ነው፦ ማን እንዳረፈ፣ ማንን እንደምታመሰግኑ፣ ምን ስላደረጉ እንደሆነ፣ ምርቃት፣ ከዚያ የአመስጋኞቹ ማንነት። የሕይወት ታሪክ የለበትም፤ እሱ በቀብሩ ላይ ተነቧል። የግል ናፍቆትም የለበትም። «አያቴ፣ ያለ አንቺ እንዴት እኖራለሁ» የሚል ጽሑፍ ክፉ አይደለም፤ ግን ለሟች የተጻፈ ነው፤ ምስጋናው የሚጻፈው ለቆመው ሰው ነው። ሁለቱን ከፈለጋችሁ በተለያየ ቀን አውጡ።

አንድ ረጅም ጽሑፍ እንዴት እንደሚያጥር ቢያሳዩን?

ባለፈው ክረምት አንዲት የልጅ ልጅ ያመጣችልኝን በፈቃዷ ልጥቀስ፤ ስሙን በ«እገሊት» ቀይሬዋለሁ። እንዲህ ይጀምር ነበር፦

«ውድ አያታችን፣ የቤታችን ምሰሶ፣ የሕይወታችን ብርሃን የነበሩት ወይዘሮ እገሊት ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም በሞት በመለየታቸው፣ በሥርዓተ ቀብራቸው ላይ በአካል በመገኘት፣ በስልክ በመደወል፣ በገንዘብ፣ በጉልበት፣ በሐሳብና በሞራል ለተባበራችሁን ሁሉ ልባዊ፣ ጥልቅና የላቀ ምስጋናችንን ለማቅረብ እንወዳለን።»

ከዚህ ቀጥሎ የአሥራ አራት ሰው ስም ነበረበት።

መጀመሪያ የጠየቅኋት «ሕመማቸው ድንገተኛ ነበር?» ብዬ ነው። አልነበረም፤ ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ነበሩ። «ድንገተኛ» የሚለው ቃል ከሌላ ሰው ምስጋና ሲገለበጥ አብሮ የመጣ ነው። «ሲረዱ ቆይተው» ከሚለው ጋር እንኳ አይስማማም። እነዚያን ሁለት ዓመታት ተራ እየገቡ ያስታመሙ ጎረቤቶች ይህን ሲያነቡ ምን ይሰማቸዋል? የሕመሙን ነገር በሙሉ አወጣነው።

ቀጥሎ «ምሰሶ» እና «ብርሃን» ወጡ። ሐሰት ስለሆኑ ሳይሆን የማንኛውም አያት ስለሆኑ ነው። «ልባዊ፣ ጥልቅና የላቀ» ሦስቱም አንድ ሥራ ስለሚሠሩ ሦስቱም ቀሩ፤ ምስጋና ቅጽል ሲበዛበት የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይመስላል። «በገንዘብ» የሚለው ደግሞ ፈጽሞ መነሳት የለበትም። ገንዘብ የሰጠው ሰው በመዝገብ ይታወቃል፤ ያልቻለው ግን ንባቡን ሲያይ አንገቱን ይደፋል።

ከዚያ «ሰዉ በእርግጥ ምን አደረገ?» አልኳት። ዝም ብላ አሰበችና ነገረችኝ። ቀኑ የጅማ ክረምት የሚባለው ዓይነት ነበር፤ ጎረምሶቹ ድንኳኑን የተከሉት እየዘነበባቸው ነው። ሴቶቹ ንፍሮ ሲቀቅሉ አደሩ። ከእናቷ ጋር ሦስት ሌሊት መሬት ላይ አንጥፈው ያደሩ ጎረቤቶች ነበሩ። ምስጋናው እዚህ ውስጥ ነበር፤ እሷ ግን «በጉልበት፣ በሐሳብና በሞራል» ብላ ሸፍናዋለች። በመጨረሻ የወጣው ይህ ነው፦

«አያታችንን እማማ እገሊትን በክብር ሸኛችሁልን። በዝናብ ድንኳን የተከላችሁ፣ ንፍሮ የቀቀላችሁ፣ አብራችሁን ያደራችሁ፣ ከሩቅ የደወላችሁ ጎረቤቶቻችንና ወዳጆቻችን ሁሉ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ክፉ አይንካችሁ፤ በደስታ ቀን ያገናኘን። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው።»

ሃያ ሰባት ቃል ነው። ልጅቱ አጥሯል ብላ ቅር ብሏት ነበር። ማታ ግን አንድ ከባድ ዝናብ የመታው ጎረምሳ ከሥሩ «ለእማማ ሲያንስ ነው» ብሎ ጻፈ። ድንኳኑን ከተከሉት አንዱ ነበር።

«ብድራችሁን ለመመለስ ያብቃን» ብንልስ?

ይህችን ሐረግ ከመዝገቤ ብሰርዛት ደስ ባለኝ። በሠርግ ላይ ያማረች ናት፤ ሰው ሠርግህን አድምቆልሃል፤ አንተም የእሱን ልጅ ሠርግ ልታደምቅ ትመኛለህ። በለቅሶ ላይ ግን ብድሩ ምንድን ነው? ቀብር ነው። «ብድራችሁን ለመመለስ ያብቃን» ያልከው ጎረቤት «እኔም ቤት ሰው ይሙት ማለት ነው?» ብሎ ቢያስብ አትፍረድበት። አሽሙር የሚወዱ ሽማግሌዎች ይህን አንስተው ሲስቁ ሰምቻለሁ፤ ለቅሶ ቤት ውስጥ።

የቀደሙት ሰዎች ይህን ያውቁ ስለነበር ሐረጉን በደስታ አስረውታል፦ «ብድራችሁን በደስታ ያስመልሰን»። ወይም ጨርሰው ብድርን ሳያነሡ «ክፉ አይንካችሁ»፣ «በደስታ ቀን ያገናኘን» ይላሉ። ከእነዚህ አንዷ ወይም ሁለቱ ይበቃሉ። ሦስቱን መደርደር አያስፈልግም።

የሰው ስም ቢጠቀስ ነውር አለው?

ነውር የለውም፤ ጣጣ አለው። አሥራ አራት ስም ከጻፍክ አሥራ አምስተኛው ሰው ስሙን ይፈልጋል፤ ያጣዋል። የሚያጣው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከጓዳ ያልወጣው ሰው ነው። ከፊት የቆመ፣ ወንበር ያስቀመጠ፣ በማይክሮፎን የተናገረ ይታወሳል፤ ሦስት ቀን ሙሉ ብረት ድስት ያጠበችው ሴት ትረሳለች። በስም ፋንታ ሥራውን ጥቀሱ። «ንፍሮ የቀቀላችሁ» ሲባል የቀቀለች ሁሉ ራሷን ታገኛለች፤ ያልቀቀለችም አትቀየምም።

በስም መመስገን ያለበት ሰው ካለ፣ ለምሳሌ ለዓመታት ያስታመመች ጎረቤት ብትኖር፣ ጽሑፍ አይበቃትም። ቤቷ ሂዱ። ባዶ እጃችሁን ግን አትሂዱ፤ ስኳርና ቡና ይበቃል።

እድሩን ማመስገን ያስፈልጋል? ግዴታው አይደል?

ይህን ጥያቄ እኔን መጠየቅ ተገቢ እንደሆነ አላውቅም፤ ግን እመልሳለሁ። ግዴታው የተወሰነ ነው። አባል ቀብር ላይ ይገኛል፤ እኔ ስም እጠራለሁ፤ የቀረ በደንቡ መሠረት ይቀጣል። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ የማኅበሩ ንብረት ነው፤ ገንዘቡም ከዓመታት መዋጮ የተጠራቀመ የራሳችሁ ነው። ለዚህ «እድራችንን እናመሰግናለን» የምትል አንዲት ቃል በቂ ናት።

ነገር ግን ደንባችን ውስጥ «አባል ለቅሶ ቤት ያድራል» የሚል አንቀጽ የለም። «ውኃ ሲጠፋ ከቤቱ በጀሪካን ያመጣል» የሚልም የለም። ስሙ ከተጠራ በኋላ ሄዶ መተኛት ሲችል የቆየ ሰው ውለታ ነው የዋለው። ሁለቱን ከለያችሁ የምታመሰግኑት ነገር ራሱ ይመጣላችኋል። የሴቶችን እድር ደግሞ አትርሱ፤ በአብዛኛው ሥራውን የሠሩት እነሱ ሆነው ምስጋናው ለወንዶቹ ሰብሳቢ ሲደርስ አይቻለሁ።

ጎረቤቶቻችን ሙስሊምም ክርስቲያንም ናቸው። በየትኛው ቃል እንጻፍ?

በሟቹ ቤት ቃል ጻፉ። ምስጋናው የሚወጣው ከዚያ ቤት ነው፤ ጅማ ላይ ያደገ ሰው ደግሞ የጎረቤቱን ምርቃት አሜን ብሎ መቀበል በልጅነቱ ተምሯል። የሙስሊም ቤተሰብ ከሆነ እንዲህ ይበቃል፦

«አያታችን ሐጂ እገሌ ወደ አኼራ ሄደዋል። ጀናዛቸውን የሸኛችሁ፣ ዱዓ ያደረጋችሁ፣ ሦስቱን ቀን ከደጃችን ያልጠፋችሁ ጎረቤቶቻችንና ወዳጆቻችን፣ አላህ ኸይር ጀዛችሁን ይክፈላችሁ። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው።»

የወንጌል አማኝ ቤተሰብ ከሆነ «ነፍስ ይማር» የሚለውን አትጻፉ፤ ለሞተ ሰው ነፍስ መለመን በእምነታቸው የለም። «ጌታ ይባርካችሁ» ይሻላቸዋል። ቤተሰቡ ራሱ ድብልቅ ከሆነና ቃሉ ሊያነታርክ ከሆነ «ፈጣሪ» የሚለው ቃል ሁሉንም ያስማማል።

አንድ የማልወደው ነገር አለ፦ «ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን» ብሎ መጻፍ። በጎ ታስቦ ነው፤ ግን ሬሳ አብሮ የተሸከመውን ሰው ለሁለት ይከፍለዋል። «ጎረቤቶቻችን» ሲባል ሁሉም ገብቷል። ኦሮምኛ የሚናገር ጎረቤት ብዙ ከሆነ ደግሞ መጨረሻ ላይ «ገለቶማ» ብትሉ ያምራል። ሙሉውን ጽሑፍ በሁለቱም ቋንቋ ማውጣት ከቻላችሁ የበለጠ ነው፤ ግን የሚጽፈው ቋንቋውን በእርግጥ የሚያውቅ ሰው ይሁን።

አያታችንን «አንቺ» እያልን ነው ያደግነው። በጽሑፉ ላይስ?

በአንቱታ። ቤት ውስጥ «እማዬ መጣች» ብትሉም፣ እኩዮቻቸው የሚያነቡት ጽሑፍ ላይ «አረፈች» ማለት ይከብዳል። «አረፉ» ይባል። ስማቸው ግን ሰፈሩ በሚጠራቸው ይሁን። አንድ ሽማግሌ ሰፈሩ ሁሉ «አባ» ብሎ ከሚጠራቸው ስም ይልቅ በመታወቂያ ስማቸው ተጽፎላቸው፣ ሁለት ሦስት ሰው «ይህ ማን ነው?» ብሎ ጠይቆኛል። ሁለቱንም መጻፍ ይቻላል።

የትኛው ፎቶግራፍ ይሻላል?

በሕይወት ሳሉ የተነሡት፣ ራሳቸው ቢያዩት የማያፍሩበት። የሕመም አልጋ፣ ሬሳ ሣጥንና የሚያለቅስ ሰው ፊት አይሆንም። ሙስሊም ሴት አያት ከሆኑ የተሸፈኑበትን ምረጡ። ከስልክ የሚወርደው የተዘጋጀ የሐዘን ክፈፍ ብዙውን ጊዜ ሻማ ወይም መስቀል አለበት፤ ለማን እንደምታደርጉት ተመልከቱ። ነጠላቸውን ያጣፉበት ተራ ፎቶግራፍ ከክፈፉ ሁሉ ይበልጣል።

የአርባ ጥሪውን እዚያው ላይ ብንጨምርስ?

አይሆንም። ምስጋና ላይ ጥሪ ሲጨመርበት ምስጋናው የጥሪው መግቢያ ይመስላል። ቀኑ ሲቃረብ ለብቻው ይውጣ፤ ቦታውና ሰዓቱም በግልጽ ይጻፍ።

ኢንተርኔት የማይጠቀሙ ጎረቤቶችስ እንዴት ይመሰገናሉ?

በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይቻላል። የግእዝ ፊደል በአንድ መልእክት 70 ብቻ ነው የሚይዘው፤ በላቲን ፊደል 160 ይገባል። ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠራል፤ ለመቶ ሰው ስትልኩ ሒሳቡ ይታያል። ይህ ስልሳ ፊደል ገደማ ነው፦

«በአያታችን ሐዘን አብራችሁን ስለቆማችሁ እግዚአብሔር ይስጥልን። ክፉ አይንካችሁ። የልጅ ልጆቻቸው»

ማንበብ ለማይችሉ አረጋውያን ግን ሌላ መንገድ አለ። በእድሩ ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ተነሥቶ ቆሞ ይናገራል። እኔ አጀንዳው ላይ አስቀድሜ ቦታ እይዝለታለሁ፤ ከመዋጮው ሒሳብ በፊት እንዲሆን አደርጋለሁ፤ ከሒሳቡ በኋላ ሰው ወደ ቤቱ መሄድ ይጀምራልና።